ሰው በፉርጎ ጫንኩ

«ፊደል ማረም ነው፤ ግማሽ ቀን ይበቃሻል» ብሎ ነው ፕሮዲውሰሩ የላከልኝ። ስለ ጅቡቲና አዲስ አበባ ባቡር የሚተርክ የ52 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ስክሪፕት ነው። ሦስት ሰዎች ተከፋፍለው ጽፈውታል፦ አንድ የታሪክ መምህር፣ አንድ የማስታወቂያ ጸሐፊ፣ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ። ግማሽ ቀኑ ዘጠኝ ቀን ሆነ።

የመጀመሪያውን ቀን በሳቅ ጨረስኩት። ገጽ 3 ላይ የማስታወቂያ ጸሐፊው «የሐዲዱ ሥራ በ1897 ጅቡቲ ላይ ይጀመራል» ይላል። ገጽ 5 ላይ መምህሩ «ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ ደርሶ ነበር» ይላሉ። ሥራው ሳይጀመር ሁለት ዓመት ቀድሞ የገባ ባቡር! አንዱ የፈረንጅ፣ ሌላው የእኛን አቆጣጠር ይዘው ነው። ሁሉንም ወደ እኛው አመጣሁት፦ 1890 ተጀመረ፣ 1895 ድሬዳዋ ደረሰ፣ 1909 አዲስ አበባ ገባ።

ዓመቱስ ተስተካከለ። ግሱ ነው የከፋው። የማስታወቂያ ጸሐፊው ሁሉንም በ«ይደርሳል፣ ይሰበሰባል፣ እልል ይላል» ነው የጻፈው። «ፈረንጆች እንደዚህ ነው የሚተርኩት፤ ነፍስ ይሰጠዋል» ብሎ ተሟገተኝ። ተሸነፍኩና አንድ አንቀጽ ተውኩለት። ስቱዲዮ ገባን። ተራኪው ማዳመጫውን እንዳደረገ አነበበ፦ «ባቡሩ ድሬዳዋ ይደርሳል።» ቆመ። በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

«እህቴ፣ ነገ ነው የሚደርሰው?»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። የእኛ «ይደርሳል» ለዛሬም፣ ለነገም፣ ለሁልጊዜም ነው። መቶ ዓመት ያለፈውን ነገር በሱ ስትነግረው ሰሚው የጉዞ ማስታወቂያ ይመስለዋል። የመምህሩ «ደርሶ ነበር»ም ቢሆን ጣጣ አለው። «ደርሶ ነበር» ስትል አድማጩ «ከዚያስ? ተመለሰ?» ብሎ ይጠብቃል። በብዛት የሚሻለው ደረቁ «ደረሰ» ነው። «ነበር»ን ከዋናው ድርጊት ቀድሞ ላለፈ ነገር ብቻ አቆየሁት። ከመምህሩ ክፍል ብቻ ሠላሳ ስድስት «ነበር» አወጣሁ። ቆጥሬያለሁ፤ ተናድጄ ስለነበር።

የጡረተኛው ክፍል ደግሞ በሙሉ በ«እኛ» ነው። ሌላው ትረካ ከውጭ ሆኖ ሲያወራ ድንገት አንድ ሰው ባቡሩን መንዳት ይጀምራል። «እኛ» የሚለውን ቃል በኮምፒውተር ብፈልግ አራት ብቻ መጣልኝ። ደስ አለኝ። ለካ አማርኛ ባለቤቱን ግሱ ውስጥ ነው የሚደብቀው፦ «ጫንን፣ ነዳን፣ አዋሽ አደርን»። በዓይን አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ወደ «ሠራተኞቹ ጫኑ» ስቀይረው ግን ሞተብኝ። መጨረሻ ላይ እሳቸውን ጠርተን «እኛ»ውን በራሳቸው ድምፅ ቀዳን። ተራኪው ደግሞ በ«እነሱ» ቀጠለ።

ከዚያ ስያሜ። መምህሩ «ተጎታች» ይላሉ፣ የማስታወቂያ ጸሐፊው «ዋገን»፣ ጡረተኛው አንዴ «ፉርጎ» አንዴ «ዋገን»። እኔ የማውቀው ፉርጎ ነው፤ ጥሩ ቃል ነው፤ ሁሉንም ፉርጎ አደረግኩት። በአንድ ትእዛዝ። የተስተካከለውን ለሦስቱም ላክሁ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ ጮኸ።

«ልጄ፣ እራት በልተሻል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሰዎቹን ግን ከከብት ጋር ጫንሻቸው።»

«የት ጋ?»

«ገጽ 19። ከለገሃር ሰው ትኬት ቆርጦ ፉርጎ ውስጥ ገባ ይላል። ፉርጎ የዕቃ ነው፤ የከብት ነው። ሰው በዋገን ነው የሚሄደው። እኔ ሁለቱንም የጻፍኩት ተሳስቼ መሰለሽ?»

ዝም አልኩ። ሳይማክሩ ቃል ማዋሐድ ምን እንደሚያመጣ ለሌሎች ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። በማግስቱ ሰው ያለበትን ቦታ ሁሉ «ዋገን»፣ ዕቃ ያለበትን «ፉርጎ» አድርጌ አስተካከልኩ። በስክሪፕቱ መጀመሪያም አንድ ገጽ የቃላት ዝርዝር አስገባሁ፤ ቃሉ፣ ትርጉሙ፣ ማን እንዳለው። «ሐዲድ»ም በሦስት ዓይነት ሀ ተጽፎ ስለነበር እዚያው በ«ሐ» ቆለፍኩት። ከዚያ በፊትማ አንዱን ስፈልግ ሁለቱ ያመልጡኝ ነበር።

ቀረጻው አለቀ። ፊልሙ ታየ። ፕሮዲውሰሩ መድረክ ላይ «አንድ ሰው የጻፈው ይመስላል» ሲል ሦስቱ ጸሐፊዎች ተነሥተው እጅ ነሡ። እኔ በማብቂያው ጽሑፍ ላይ «ፊደል እርማት» ነኝ፤ ከሾፌሩ በታች።

ስንወጣ ጋሼ ክንዴን ያዙኝ።

«ሁሉም ጥሩ ነው። ኮንትሮባንዱ ጋ ብቻ…»

«ምን ሆነ?»

«‹ነጋዴዎቹ ዋገን ላይ ተሳፈሩ› አላችሁ። እዚያ ጋ እንኳ እውነትም ፉርጎ ላይ ነበሩ። ጣሪያው ላይ። እኔ የጻፍኩት ልክ ነበር።»