አንድ ገጽ ሲቪ፣ ኮፒ ሲደረግ አማርኛው የማይጠፋ

በዚህ ሰሞን ለአክስቴ ልጅ የሠራሁት የአማርኛ ሲቪ ልክ እንደምፈልገው ስለወጣልኝ፣ አሠራሩን ለእናንተም ላካፍል ብዬ ተነሣሁ። አንድ ገጽ ነው፤ ፒዲኤፉ መቶ ኪሎባይት አይሞላም፤ ስሙን በማውስ መርጣችሁ ኮፒ ብታደርጉና ሌላ ቦታ ፔስት ብታደርጉት ያው ስሙ በአማርኛ ይወጣል። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ቀላል ትመስላለች፤ ከሁሉም በላይ ያደከመችኝ ግን እሷ ናት።

የጀማሪነቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ፎንት መቀየር፣ ቦልድ ማድረግ፣ ማርጂን ማስተካከል በመነካካት ይለመዳል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ጠበቅ አድርጌ የምመክረው አንድ ነገር ቢኖር ዓመተ ምሕረቶቹን በታብ መደርደር ነው። ገጹ A4 ሆኖ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ከተተወለት፣ ለጽሑፉ የሚቀረው ስፋት 17 ሴንቲ ሜትር ነው። 17 ላይ የቀኝ ታብ አስቀምጡ፤ ከዚያ የመሥሪያ ቤቱን ስም ጽፋችሁ Tab ስትጫኑ ዓመቱ ቀኝ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ ይሰለፋል። ስፔስ እየደጋገሙ ማሰለፍን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ፎንቱ ትንሽ ሲቀየር ሁሉም ነገር ይንጋደዳል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልግባ። ልጁ አካውንቲንግ ተመርቆ ሥራ እየፈለገ ነው። ሲቪውን አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ጽሕፈት ቤት አስጽፎ፣ ፒዲኤፉን በፍላሽ ተቀብሎ፣ ለአንድ መሥሪያ ቤት በኢሜይል ላከ። ከሰው ኃይል ክፍል አንዲት ሴት ደወለችለት። ከየአመልካቹ ሲቪ ስምና ስልክ እየገለበጠች ኤክሴል ላይ ዝርዝር ታዘጋጅ ነበር፤ የእሱ ጋ ስትደርስ የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ነገር ወጣባት። «ወንድሜ፣ ፋይልህ ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ድጋሚ ላክልን» አለችው። ፋይሉን ሲከፍተው ግን ምንም አልሆነም፤ አማርኛው ጥርት ብሎ ይነበባል። ግራ ሲገባው የታተመውን ወረቀት በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ወደ ፒዲኤፍ ቀየረና እሱን ላከ። ያ ደግሞ ከሦስት ሜጋባይት በላይ የሆነ አንድ ትልቅ ሥዕል ነው፤ ከውስጡ አንዲት ፊደል እንኳ መምረጥ አይቻልም። ወደ እኔ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒዲኤፍ ውስጥ ዓይን የሚያየው የፊደሉ ቅርጽ አለ፤ ከቅርጹ ጀርባ ደግሞ የፊደሉ ቁጥር አለ። ኮፒ ስናደርግ የምንወስደው ቁጥሩን እንጂ ቅርጹን አይደለም። በዩኒኮድ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ሀ ለምሳሌ `U+1200` ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት አማርኛ በኮምፒውተር ይጻፍ የነበረው በብልሃት ነው፦ ፎንት ሠሪዎቹ የላቲን ፊደላቱን ቦታ ወስደው የአማርኛ ቅርጽ ሣሉበት። ስክሪኑ ላይ አማርኛ ይታያል፤ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። «ኢትዮጵያ» ብላችሁ በእንዲህ ዓይነት ፎንት የጻፋችሁትን ኮፒ ስታደርጉ `x!T×ùÃ` ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው። እነዚህ ፎንቶች በጊዜያቸው ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ሥራ የለመዱባቸው ጸሐፊዎች ዛሬም በፍጥነት ይጽፉባቸዋል። ለሚታተም ወረቀት ምንም ችግር የለባቸውም። በፋይል ለሚላክ ሲቪ ግን መጠቀም የለብንም።

ፋይላችሁ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከሁሉ የሚቀለው መንገድ የወርድ ፋይሉ ላይ ነው። ዶክመንቱን ከፍታችሁ `Ctrl+A` በሉና ፎንቱን ወደ Calibri ቀይሩት። Calibri የአማርኛ ፊደል የለውም። ጽሑፉ በዩኒኮድ የተጻፈ ከሆነ ወርድ ራሱ ሌላ የአማርኛ ፎንት ፈልጎ ያሳየዋል፤ ስለዚህ አማርኛው አማርኛ ሆኖ ይቀራል። በድሮው ፎንት የተጻፈ ከሆነ ግን ገጹ በሙሉ ወዲያው ወደ ላቲን ዝብርቅርቅ ይለወጣል። አይታችሁ ስትጨርሱ `Ctrl+Z` በማለት መመለስ ነው። የልጁን ፋይል እንዲህ ሳደርገው ርዕሶቹ አማርኛ ሆነው ቀሩ፤ ስሙ፣ አድራሻውና የሥራ ልምዱ ግን ተዘበራረቁ። አንድ ገጽ ላይ ሁለቱ ተቀላቅለው ነበር ማለት ነው። ስለዚህ አንድ መስመር ብቻ ሞክራችሁ ደህና ነው አትበሉ፤ ሙሉውን ሞክሩ።

በእጃችሁ ያለው ፒዲኤፉ ብቻ ከሆነ ደግሞ ክፈቱትና `Ctrl+A`፣ `Ctrl+C` ብላችሁ Notepad ላይ ፔስት አድርጉት። ይህን ፍተሻ ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ፤ ሁለት ነገር በአንዴ ያሳያችኋል። አንደኛ ፊደሉ ትክክል መሆኑን ታያላችሁ። ሁለተኛ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ታያላችሁ። በግራ በኩል ባለ ቀለም ዓምድ ያላቸው፣ በቴክስት ቦክስ የተሠሩ ቴምፕሌቶች ለዓይን ያምራሉ፤ Notepad ላይ ሲወጡ ግን ስልክ ቁጥሩ ከትምህርት ዝርዝሩ መሀል ወይም ከገጹ መጨረሻ ሊገኝ ይችላል። እኔ ከእንግዲህ ባለ አንድ ዓምድ እንጂ ሌላ አልሠራም። ስምና ስልክንም ሄደር ውስጥ አላስገባም፤ ጽሑፍ አውጪ ፕሮግራሞች አንዳንዴ ሄደሩን ይዘሉታል።

መፍትሔው እንደገና መጻፍ ነው። የድሮውን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ መሣሪያዎች አሉ፤ ነገር ግን ሁለቱ የተቀላቀሉበትን አንድ ገጽ በእነሱ ቀይሮ ስሕተት ከመልቀም፣ ቁጭ ብሎ መጻፉ ይሻላል። እኔ የምጽፈው ኪማን በሚባል የመጻፊያ ፕሮግራም ነው፤ ከውስጡ GFF Amharic የሚባለውን ኪቦርድ እጭናለሁ። በነፃ ይገኛል፤ `selam` ብትሉት ሰላም ይላችኋል። ለፎንት Abyssinica SIL ወይም Noto Sans Ethiopic እመርጣለሁ። ሁለቱም በነፃ ፈቃድ የወጡ ስለሆኑ ፒዲኤፍ ውስጥ እንዲካተቱ ይፈቅዳሉ፤ ይህ ለምን እንደሚጠቅም ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ጽፌ ስጨርስ ገጹ አልበቃኝ አለ፤ መጨረሻ ላይ ሦስት መስመር ወደ ሁለተኛው ገጽ ዘለለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፎንቱን እስከ 9 ያወርደዋል። ይህን አልስማማበትም፤ የአማርኛ ፊደል ሲያንስ ሰ እና ሱ፣ ቀ እና ቁ መለየት ያስቸግራል። ቦታውን የበላው የፊደሉ መጠን ሳይሆን በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ነበር። የአማርኛ ፎንቶች ከላቲኖቹ ሰፋ ያለ ክፍተት ስለሚይዙ፣ አንድ ገጽ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ሲደባለቁ አንዱ መስመር ይሰፋል፣ ሌላው ይጠባል። Paragraph ውስጥ ገብቼ Line spacing የሚለውን Exactly አደረግሁና ለ11 ፎንት 16 pt ሰጠሁት። መስመሮቹ እኩል ሆኑ፤ ሦስቱም ወደ ላይ ተመለሱ። የፊደሎቹ ጫፍ የተቆረጠ ከመሰላችሁ አንድ ነጥብ ጨምሩ።

ወደ ፒዲኤፍ ሲለወጥ ከስካንም ከፕሪንትም አትጀምሩ። Save As ብላችሁ PDF ምረጡና Options የሚለውን ክፈቱ። እዚያ Bitmap text when fonts may not be embedded የሚል አማራጭ አለ። የመረጣችሁት ፎንት ፒዲኤፍ ውስጥ መካተትን የሚከለክል ከሆነና ይህ ምልክት ከተደረገበት፣ ወርድ ጽሑፉን ወደ ሥዕል ይለውጠዋል፤ ይታያል፣ ግን አይመረጥም። ነፃ ፎንት መጠቀም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ጥያቄው ራሱ አይነሣም። ፒዲኤፉን በአዶቤ ሪደር ከፍታችሁ `Ctrl+D` ብትሉ፣ Fonts የሚለው ሥር ከፎንቱ ስም አጠገብ Embedded Subset የሚል ታያላችሁ። ገጹ ላይ ያሉት ፊደላት ብቻ ተመርጠው ገብተዋል ማለት ነው፤ ፋይሉ ትንሽ የሚሆነውም በዚህ ነው።

ፋይሉ ከከበደ ጥፋቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የፎቶው ነው። ማስታወቂያው ፎቶ ካልጠየቀ እኔ አላስገባም። ከጠየቀ ግን ለ3 በ4 ሴንቲ ሜትር ጉርድ ፎቶ 354 በ472 ፒክስል በ300 DPI ለኅትመትም ይበቃል። በስልክ የተነሣውን እንዳለ አስገብታችሁ በማውስ ብታሳንሱት የሚቀንሰው የሚታየው ስፋት ብቻ ነው፤ ክሮፕ ብታደርጉትም የተቆረጠው ክፍል ዶክመንቱ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ፎቶውን መርጣችሁ Compress Pictures ውስጥ Delete cropped areas of pictures የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ከሁሉ የተሻለው ግን ሳታስገቡት በፊት አሳንሳችሁ መምጣት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ጽሑፉ የሚፈለግ ሲሆን ፊደል መምረጥም ዋጋ አለው። ለኮምፒውተሩ ሂሳብ እና ሒሳብ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በ`Ctrl+F` አንዱን የፈለገ ሌላውን አያገኝም። የልጁ ማስታወቂያ «ሒሳብ» ብሎ ስለጻፈ ሲቪውንም እንዲሁ አደረግነው፤ ለሌላ መሥሪያ ቤት ሲልክ ደግሞ ማስታወቂያውን አይቶ ይቀይረዋል። ለዚህ ሲል ወርዱን ፍላሹ ላይ አስቀምጦታል፤ የሚልከው ግን ፒዲኤፉን ብቻ ነው።