ሰማያዊና ቀይ

ለጆርናል የላክሁት የመጽሐፍ ግምገማ ከአርታኢው ተመለሰ። ያለው አስተያየት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም መጨረሻ ገጽ ላይ። «መጽሐፉን ያነበብኩት ያህል ሆኖልኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ?»

መጀመሪያ ተናደድኩ። ሦስት ሳምንት ለፍቼ! ሻይ ጠጥቼ ስረጋጋ ሁለት ባለቀለም እርሳስ አነሳሁ። መጽሐፉ የሚለውን በሰማያዊ፣ እኔ የምለውን በቀይ አሰመርኩ። ከ1,200 ቃላት ውስጥ 1,000 የሚሆኑት ሰማያዊ ሆኑ። ቀዩ መጨረሻው አንቀጽ ላይ ተኮልኩሏል። እዚያም «እነዚህ ጥቃቅን ግድፈቶች የመጽሐፉን ፋይዳ አይቀንሱትም» ብያለሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሌሎች ሲጽፏት ስንት ጊዜ ስቄባታለሁ።

መጽሐፉ ስለ ጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደርና አካባቢዋ መሬት ሲሸጥ ውሉ በአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠሎች ላይ ይጻፍ ነበር። ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋጋው፣ ምስክሮቹ ይሰፍራሉ። የደራሲው ዋና ሙግት የመሬት ገበያው እስከ ተራው ገበሬ ድረስ ወርዶ ነበር የሚል ነው።

የእኔ ረቂቅ ግን ሙግቱን አንድም ቦታ ለይቶ አይናገርም። ምዕራፍ አንድ ይህን፣ ምዕራፍ ሁለት ያን እያለ እስከ ሰባት ይቆጥራል። ማውጫውን በረጅሙ ጻፍኩት ማለት ነው። አሁን ሙግቱን ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አወጣሁት። ሙግቱን የተሸከሙት ሦስት ምዕራፎች ሰፊ ቦታ ያዙ። የቀሩት አራቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር አለቁ።

ከዚያ «የማስረጃ ውስንነት ይታያል» የምትል ሐረግ አገኘሁ። የራሴ ናት። የትኛው ማስረጃ? ለምኑ ነው የማይበቃው? ወደ መጽሐፉ አባሪ ተመልሼ የሻጭና የገዢዎቹን ስም ከነማዕረጋቸው አንድ በአንድ ጻፍኩ። አዛዥ፣ ወይዘሮ፣ አለቃ፣ ደብተራ። ለቤተ መንግሥት ወይም ለደብሩ የቀረበ ሰው ነው የሚበዛው። ነገሩ አያስገርምም፤ ውሉን የሚጽፈው የደብሩ ጸሐፊ፣ የሚጻፍበትም የደብሩ መጽሐፍ ነው። አንድ ገበሬ በሽማግሌ ፊት በቃል ሸጦ ከሆነ ከዚህ መዝገብ አናገኘውም። ስለዚህ ሰነዶቹ ገበሬው ሸጧል ለማለትም አልሸጠም ለማለትም አይበቁም። ያቺ ግማሽ መስመር አንድ ሙሉ አንቀጽ ሆነች።

እዚህ ላይ ፍትሕም አለ። ደራሲው ራሳቸው መግቢያው ላይ መዝገቡ የባላባትና የካህናት መሆኑን ተናግረዋል። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ግን የረሱት ይመስላል። ሁለቱንም ከነገጻቸው ጠቀስኩ። አንዱን ብቻ ብጠቅስ ደራሲው ያልገባቸው ሰው ይመስሉ ነበር።

ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ ግን ዓረፍተ ነገሩን የሚያስረው ግሥ ነው። «ገበሬው መሬቱን ይሸጥ ነበር» ብዬ ጽፌያለሁ። ይህን የሚለው ማነው? እኔ ነኝ ወይስ ደራሲው? እንዲህ ያለ ስድስት ቦታ አገኘሁ። ሁሉም ላይ «እንደ ደራሲው» ቢለጠፍበት አንባቢ ይሰለቻል፤ ግሡን መምረጥ ይሻላል። «ያሳያሉ» ካልኩ ተስማምቻለሁ። «ይሞግታሉ» ካልኩ ገና አልፈረምኩም። የማልቀበለው ሐሳብ ላይ «በግልጽ ያሳያሉ» ብዬ ተገኘሁ፣ ጉድ ነው!

የሰረዝኩትም አለ። «ሸዋን ለምን አልጨመሩም?» የምትለው ወጣች፤ ደራሲው ያልጻፉትን መጽሐፍ መገምገም ሥራዬ አይደለም። ስለ ሀ፣ ሐ እና ኀ መቀላቀል የጻፍኩት ረጅም ወቀሳም ሄደ። ከእሱ አንድ ነገር ብቻ አስቀረሁ። አንድ ገዢ ስሙ በሁለት ዓይነት ሆሄ ስለተጻፈ የስም ዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ሰው ሆኗል። ገዢዎችን ቆጥሮ ገበያው ሰፊ ነበር ለሚል መጽሐፍ ይህ የፊደል ስህተት ብቻ አይደለም።

ምስጋናውም ተቀየረ። «ከፍተኛ ድካም የፈሰሰበት ሥራ» የምትለውን አወጣሁ። በምትኩ ደራሲው የእያንዳንዱን ውል ፎቶ ከንባቡ ጎን ማስቀመጣቸውን ጻፍኩ። እኔም ልሞግታቸው የቻልኩት በዚያ ነው።

ዛሬ እንደገና ላሰምር ብል አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በምን ቀለም እንደማሰምረው ቸገረኝ። ማጠቃለያም ፍርድም ሆኗል። ጠዋት ላክሁት። ከሰዓት በኋላ አርታኢው ደወሉ። «ገጽ 143 ነው ወይስ 134?»

134 ነው።