ከላይ ያለው አንዱ ቀይ

ደንበኛው የሞተር መቀመጫው ሳህን ቀኝ ጎን ቀጥ ማለቱ ቀርቶ ቅስት እንዲሆን በጠየቀ ጊዜ ሥራው የአፍታ ይመስል ነበር። ባልደረባዬ በንድፍ መሥሪያው ፕሮግራም በሶሊድወርክስ፣ የሳህኑ ቅርጽ የተሣለበትን የመጀመሪያውን ስኬች ከፈተና ቀኙን መስመር አጥፍቶ በምትኩ አርክ ሣለ፤ ፋይሉንም ሴቭ አድርጎ ዘጋው። መልሶ ሲከፍተው ዕቃው የተሠራባቸውን ደረጃዎች በቅደም ተከተል የሚዘረዝረው የፊቸሩ ዛፍ ከላይ እስከ ታች በቀይና በቢጫ የስሕተት ምልክት ተሞልቶ ነበር።

«ፕሮግራሙ ተበላሽቷል» አለኝ።

«አልተበላሸም፤ ምን እንደጠፋበት እየነገረህ ነው።»

«ታዲያ ቀዩን ሁሉ ሰርዤ እንደ አዲስ ብሠራው አይፈጥንም?»

ይህ «አይፈጥንም?» እስካሁን ይቆጠቁጠኛል፤ ምክንያቱም ለአንድ ነጠላ ዕቃ በእርግጥም ሊፈጥን ይችላል።

ፕሮግራሙ አንድን ጠርዝ የሚያውቀው በተቀመጠበት ቦታ ሳይሆን በወለደው መስመር መለያ ነው። ስለዚህ አርኩ በዚያው ቦታ ቢሳልም፣ የሞተ ሰው ቤት እንደገባ ተከራይ፣ በቀድሞው ስም አይጠራም። መስመሩን ከማጥፋት ይልቅ Replace Entity በሚለው ትእዛዝ በአርኩ ተክቶት ቢሆን ኖሮ፣ ከታች ያሉት ፊቸሮች አብዛኞቹ ባልተናጉ ነበር።

ዕቃውን ወደ ቀድሞ ደረጃው የሚመልሰውን ሮልባክ ባር፣ ስኬቱን ጠጣር ሳህን እስካደረገው እስከ መጀመሪያው ኤክስትሩድ ሥር ድረስ ወደ ላይ ጎተትኩና አንድ በአንድ እያወረድኩ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ የቀላው የቀዳዳው ስኬች ነበር። ሳህኑ 120 ሚሊሜትር ስፋት ሲኖረው ቀዳዳው ከቀኝ ጠርዝ በ30 ሚሊሜትር ተለክቶ ስለነበር፣ ጠርዙ ሲጠፋ ልኬቱ መያዣ አጥቶ ቡናማ ሆኗል። እሱን ሰርዤ ካልተነካው ከግራ ጠርዝ 90 ብዬ ለካሁ። ያን ጊዜ ከቀዳዳው የተባዛው ፓተርን ማንም ሳይነካው ምልክቱን ጣለ፤ ከታች ያለው ቀይ አብዛኛው የራሱ ሕመም አልነበረውም። የቀረው ጠርዙን የሚያዞረው ፊሌት ነበር፤ እሱ በእርግጥ ጠርዙን ስላጣ ፊቸሩን ከፍቼ አዲሱን የአርክ ጠርዝ አስመረጥኩት። በመጨረሻ Ctrl+Q ተጭኜ ዛፉ በሙሉ ተሠርቶ ንጹሕ መሆኑን አረጋገጥኩ።

ሌላውን ዕቃ፣ የክዳኑን ሳህን፣ ግን ባልደረባዬ በራሱ መንገድ ሰርዞ እንደ አዲስ ሠራውና ከእኔ ቀድሞ ጨረሰ። መጠኑም ቀዳዳዎቹም ትክክል ነበሩ። ዕቃዎቹ የሚገጣጠሙበት አሴምብሊ ሲከፈት ግን ብሎኖቹ የተያያዙባቸው የቀድሞዎቹ ቀዳዳዎች ስላልነበሩ ዕቃዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዙት ሜቶች ሁሉ ቀልተው ተገኙ። በሳምንቱ ስብሰባ አለቃችን ክዳኑ ቶሎ በማለቁ ባልደረባዬን አመሰገኑት፤ ብሎኖቹን ከአዲሶቹ ቀዳዳዎች ጋር መልሶ የማያያዙ ሥራም «ኢንጂነር፣ አንተ ታጋሽ ነህ» ተብሎ ለእኔ ተሰጠኝ።