የብር ዜና ርዕስ ላይ እንዴት እንደወሰንኩ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ያደረገ ዕለት ዜናውን ለመጻፍ ብዙም አልቆየሁም፣ ጊዜ የወሰደብኝ ርዕሱ ነው። ያን ቀን ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ነበር፣ አብዛኛው ደግሞ ሊንኩን አይከፍትም፣ ርዕሱን አይቶ ለዘመዱ ይደውላል። ስለዚህ ርዕሱ ብቻውን ቢነበብ እንኳን እውነት መሆን ነበረበት።

መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው «ዶላር ስንት ገባ?» የሚል ነበር። አጭር ነው፣ ሰውም ይከፍተዋል፣ ግን መልሱን እኔ እያወቅኩት አንባቢውን በጉጉት መያዝ ነው፣ ለእኔ ክሊክቤይት ማለት ይሄ ነው። ቁጥሩ በእጄ አለ፣ ታዲያ ለምን እደብቀዋለሁ?

ቀጥሎ «ብር በ30 በመቶ ወደቀ» አልኩ። ቁጥር አለው፣ አጭርም ነው። ከዛ ካልኩሌተር አወጣሁ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አንድ ዶላር የሚገዛው 57.48 ብር ነበር፣ ያን ቀን 74.73 አደረገው። የዶላር ዋጋ በ30 በመቶ ጨመረ፣ ልክ ነው፣ የብር አቅም ግን የቀነሰው በ23 በመቶ አካባቢ ነው፣ ምክንያቱም መነሻው ይለያያል፣ አንዱን ከ57 ተነስተህ ሌላውን ከ74 ተነስተህ ነው የምታካፍለው። ሁለቱም ከአንድ ሂሳብ ነው የሚወጡት፣ ርዕስ ላይ ሲቀያየሩ ግን ውሸት ይሆናል። ፐርሰንት ያለበት ርዕስ ሲያጋጥመኝ አሁን መጀመሪያ የማየው «የምን 30 በመቶ?» የሚለውን ነው። እዚህ ላይ ፐርሰንቱን ጭራሽ ተውኩትና ሁለቱን የብር ዋጋዎች ራሳቸውን አስቀመጥኩ፣ ማንም ያለ ካልኩሌተር ይገባዋል።

ሌላው ማን እንዳደረገው ነው። «መንግሥት ዶላርን 74 ብር አደረገ» ቢባል ያሳስታል፣ መንግሥት አዲስ ዋጋ አልተመነም፣ ባንኮች ራሳቸው እንዲያወጡ ነው የተፈቀደው፣ 74.73 የንግድ ባንክ ዋጋ ነው። እሱም መግዣው ነው፣ መሸጫው 76.23 ነበር፣ ዶላር ይዞ ለሚሄድና ዶላር ለሚፈልግ ሰው ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

እና የወጣው ይሄ ነው፦ «ንግድ ባንክ የዶላር መግዣውን ከ57.48 ወደ 74.73 ብር አሳደገ»።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ ርዕስ ሲረዝም ስልክ ላይ የሚቆረጠው ዋናው ነገር ነው፣ «አሳደገ» ይሁን «ቀነሰ» ሳይታወቅ ይቀራል። ለዚህ ነው «የብሔራዊ ባንክን ውሳኔ ተከትሎ» የሚለውን ወደ መጀመሪያው አንቀጽ ያወረድኩት። «ሰበር» እና «ጉድ» የሚሉትን አልነካኋቸውም፣ ቦታ ይይዛሉ እንጂ የሚነግሩት ነገር የለም። በመጨረሻ ግን ፊት ለፊቱ «ሐምሌ 22፦» ጨመርኩበት፣ ትንሽ ቢያስረዝመውም፣ ዋጋው ከዛ ወዲያ በየጊዜው ስለሚቀያየር ፖስቱን ከሳምንት በኋላ የሚያገኝ ሰው ሼር የተደረገበት ቀን ዋጋ ነው ብሎ እንዳያስብ።