ለአንድ ኪሎ ዱቄት 40 አስኳል፦ ከቦሎኛ እስከ ላንጌ

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ሲኞራዋ 30 እንቁላል የሚይዝ ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ተመልሰው 10 ደሞ በሳህን ይዘው መጡ። ለስንት ሰው ነው ፓስታ የምንሰራው ብዬ ስጠይቅ «ለአንድ ኪሎ ዱቄት ነው እንጂ» አሉኝ። እየቀለዱ ነው ብዬ ሳቅኩ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም፣ አንዱን ሰብረው አስኳሉን ከእጃቸው ወደ እጃቸው እያገላበጡ ነጩን በጣታቸው መሃል ወደ ጎድጓዳ ሳህን ማንጠባጠብ ጀመሩ።

እዚህ ኩሽና የገባሁት ከጣሊያኗ ከተማ ከቦሎኛ በቀጥታ መጥቼ ነው። ቦሎኛ ሶስት ቀን ቆይቼ ነበር፣ እዛ ሒሳቡ ቀላል ነው፣ 100 ግራም ዱቄት ካለ አንድ እንቁላል፣ ነጩም አስኳሉም አንድ ላይ፣ አለቀ። ስፎሊያ የሚሉትን ስስ ሊጥ በረጅም የእንጨት መዳመጫ የሚዳምጡ ሴቶች አሉ፣ አንዷን ቆሜ ሳይ ሊጡ እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ ከጠረጴዛው ጠርዝ ተንጠለጠለና አልተቀደደም። ያንን ነው ታልያቴሌ የሚባል ፓስታ አርገው የሚቆርጡት። ስፋቱ ሲበስል 8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት ብለው እ.ኤ.አ. በ1972 በወርቅ የተሰራ ናሙና የከተማው ንግድ ምክር ቤት አስቀምጠዋል፣ ለፓስታ ስፋት እንደዚህ የሚጨነቅ ህዝብ ነው እንግዲህ። ቀለሙ ደስ የሚል ቀለል ያለ ቢጫ ነው፣ አፍ ውስጥ ደሞ ይለመጣል፣ ጥርስን ትንሽ መለስ ያደርጋል።

ከዛ በባቡር ወደ ቶሪኖ፣ ከቶሪኖ የላንጌ ኮረብታዎች መሃል ወዳለችው አልባ ከተማ። ህዳር መጀመሪያ ስለነበር ኮረብታዎቹን በጭጋግ ምክንያት ለሁለት ቀን አላየኋቸውም፣ ከተማው በሙሉ ነጭ ትራፍል የሚባለውን ውድ የእንጉዳይ አይነት ይሸታል፣ የክፍል ዋጋም ያው እንደ ትራፍሉ ነው። ለዛ ነው ከከተማ ወጣ ብሎ ወይን እርሻ ውስጥ ያለ ቤት ያረፍኩት። የመጀመሪያው ማታ ታያሪን ቀረበልኝ፣ ከክር ትንሽ ወፈር የሚል ቀጭን ፓስታ፣ በቅቤና በሳልቪያ ቅጠል ብቻ። ቀለሙ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ነው፣ የሆነ ነገር የተቀባ ነው የሚመስለው። ጥርስ ላይ ሲያርፍ ደሞ የቦሎኛው አይነት መለጠጥ የለውም፣ መጀመሪያ ኮስተር ይልና ወዲያው እጥፍ ብሎ ይቆረጣል፣ ከዛ ይሟሟል። ነገ ስሰራ ማየት ትፈልጋለህ ወይ አሉኝ የቤቱ ባለቤት ሲኞራዋ። እሺ አልኩ፣ እንዴት እምቢ ይባላል!

ጠዋት ገና ሳይጀምሩ አንድ የገባኝ ነገር፣ እዛ አገር ሰው አስኳሉን «ሮሶ» ነው የሚለው፣ ቀይ ማለት ነው። እኔ ቢጫ ስል እሳቸው ቀይ፣ ትንሽ ተደናገርን።

እንግዲህ እኔ ያው ብልጥ ነኝ ብዬ 40 አስኳል ብክነት ነው፣ በትንሹ ልሞክር አልኳቸው፣ 100 ግራም ዱቄት ሰጡኝ። ስሌቴ እንዲህ ነበር፦ ቦሎኛ ላይ ለ100 ግራም የሚገባው አንድ እንቁላል ያለ ልጣጩ 50 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ አንድ አስኳል ደሞ 18 ግራም ገደማ ነው፣ ስለዚህ ሶስት አስኳል 54 ግራም፣ እንዲያውም ይተርፋል። ሶስት ጨመርኩና ማሸት ጀመርኩ። አምስት ደቂቃ፣ አስር ደቂቃ፣ ፍርፋሪ ብቻ! ስጨብጠው ይያያዛል፣ ስለቀው ይፈራርሳል። ሲኞራዋ ቆመው አይተውኝ ምንም አላሉም፣ ይሄ ደሞ ከሁሉ በላይ ያሳፍራል።

የሳትኩት ነገር ክብደትን ከእርጥበት ጋ ማምታታቴ ነው። ነጩ ከመቶ ዘጠና እጁ ገደማ ውሃ ነው፣ አስኳሉ ግን ግማሹ ብቻ ውሃ ሆኖ ሲሶው ገደማ ስብ ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ እንቁላል ዱቄቱ ላይ 37 ግራም አካባቢ ውሃ ያፈስበታል፣ የኔ ሶስት አስኳሎች ግን 27 ብቻ ነው የሰጡት፣ የቀረው በአብዛኛው ስብ ነው፣ ስብ ደሞ ዱቄት አያቦካም። አራተኛ አስኳል ሲጨመር 36 ይሆናል፣ ከሙሉው እንቁላል ጋ እኩል መጣ ማለት ነው። ለ100 ግራም አራት ከሆነ ለኪሎ 40! ሲኞራዋ ይሄን በሚዛን አላሰሉትም፣ ከእናታቸው ነው የወረሱት፣ ግን ቁጥሩ ዝም ብሎ የሀብት ማሳያ እንዳልሆነ እዛ ጋ ነው የገባኝ። ሊጡ ነጭ ከሌለው ውሃውን ከሌላ ቦታ ማግኘት አለበት። በ30 አስኳል የሚሰሩም አሉ፣ እነሱ አንድ ሁለት ሙሉ እንቁላል ወይ ትንሽ ውሃ ጣል ያደርጉበታል። የኔንም ፍርፋሪ በአንድ አስኳል አዳኑት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ውሃም ያድነው ነበር።

ቢያያዝም ግን ቀላል ሊጥ አይደለም። ጠንካራ ነው፣ የእጅ መዳፍ ያማል፣ መጀመሪያ ላይ ፊቱ ሻካራ ነው። እኔ ለስላሳ እስኪሆን ልሸው ስል ከለከሉኝና በጨርቅ ሸፍነው አንድ ሰዓት ተዉት አሳረፉት። ውሃው ትንሽ ስለሆነ ዱቄቱ ውስጥ እስኪሰርግ ጊዜ ይፈልጋል። ከእረፍት በኋላ ያው ሊጥ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ፣ በትንሽ እሽታ ልክ እንደ ሰም አብረቀረቀ። ሳያርፍ የተዳመጠ ሊጥ ጠርዙ ላይ ይሰነጣጠቃል፣ ስንጥቁን ካያችሁ ውሃ ከመጨመር በፊት ሌላ ግማሽ ሰዓት ስጡት።

ከሰዓት በኋላ ለማነጻጸር ብዬ አንድ የቦሎኛ አይነት፣ ማለትም በሙሉ እንቁላል የተቦካ ሊጥ ጎን ለጎን ሰራሁ። ሁለቱም አንድ አይነት ዱቄት፣ አንድ አይነት ውፍረት፣ አንድ ድስት። ሙሉ እንቁላሉ ስትጎትተው ይረዝምና ተመልሶ ይሰበሰባል፣ የአስኳሉ ሊጥ ስትጎትተው ብጥስ ይላል። ምክንያቱ ስቡ ነው፣ ዱቄቱ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን እርስ በርሱ ተያይዞ ረጅም መረብ እንዳይሰራ መሃል እየገባ ያቋርጠዋል። ሲበስል ደሞ ነጩ የራሱን ስራ ይሰራል፣ የተቀቀለ እንቁላል ነጭ እንዴት እንደሚጠነክርና እንደሚነጥር ታውቁ የለ፣ ያው ነገር ፓስታው ውስጥም ይከሰታል። ስለዚህ የሙሉ እንቁላሉ ፓስታ ይለመጣል፣ የአስኳሉ ፓስታ ላስቲክነቱ ጠፍቶ ኮስታራነቱ ብቻ ቀረ። ሁለቱንም አል ዴንቴ፣ ማለትም ጥርስ ላይ ጠንከር የሚል፣ ይሏቸዋል ግን ለኔ ጨርሶ አንድ አይደሉም።

ወዙን በተመለከተ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም፣ ለ100 ግራም ዱቄት አንዱ 5 ግራም አካባቢ ስብ አለው ሌላው ከ20 ይበልጣል። ሲኞራዋ ለዛ ነው ከታያሪን ጋ ቅቤ ሲያቀርቡ እጃቸው የሚቆጥበው፣ ፓስታው ራሱ ግማሽ ሶስ ነው ይላሉ። እኔ ቺዝ ልጨምር ስል ያዩኝ አስተያየት አይረሳኝም።

ለሁሉም ነገር ግን አስኳል ይሻላል ማለት አይደለም። በስጋ ተሞልቶ ጣት በጣት እየተቆነጠጠ የሚዘጋውን ፕሊን ሲሰሩ ሙሉ እንቁላልም ቀላቀሉበት። በአስኳል ብቻ ከሆነ ሊጡ ቶሎ ይደርቃል፣ ጠርዙ አልጣበቅም ይላል፣ ድስት ውስጥ ተከፍቶ ስጋው ይወጣል።

ቀለሙ ላይ ደሞ ተሳስቼ ነበር። ሲኞራዋ ጋ ሁለት አይነት እንቁላል ነበር፣ አንዱ ለፓስታ ተብሎ የሚሸጥ አስኳሉ ብርቱካናማ የሆነ፣ ሌላው የጎረቤት ዶሮዎች የጣሉት ፈዛዛ ቢጫ። እኔ የጠቆረው የተሻለ ይጣፍጣል ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ቀቀልንና አይኔን ጨፍኜ ቀመስኩ፣ ሶስት ጊዜ ሞክሬ መለየት አልቻልኩም። ዶሮ ያንን ቀለም ራሷ አትሰራም፣ ከምትበላው ነው የምታመጣው፣ በቆሎ፣ አልፋልፋ፣ አንዳንዱ አርቢ ደሞ የአበባ ወይ የፓፕሪካ ዱቄት መኖው ላይ ይጨምራል። ስቡና ወዙ ግን በቀለሙ አይለካም። ስለዚህ ፈዛዛ አስኳል ካላችሁ ፓስታው ይገረጣል እንጂ ጥርስ ላይ ያው ነው፣ አራት አስኳል አራት አስኳል ነው።

ሊጡን ዳምጠው ጨርቅ ላይ ዘርግተው ተዉት፣ እየነኩ ይፈትኑታል፣ እጅ ላይ ሳይጣበቅ ግን ሲታጠፍ ሳይሰበር ሲቀር ላላ አርገው ጠቀለሉትና በቢላ ከተፉት፣ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ድስት ውስጥ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢቆይ ነው። እኔ የከተፍኩት አንዱ ገመድ አንዱ ክር ሆነና ለብቻው ተቀቀለ።

ከዛ ሊጥ ትንሽ ቀርቶ ፍሪጅ አስገብቼው ነበር። በነጋታው ሳወጣው ያ ውብ ቀለም ወደ ግራጫ አረንጓዴ ሄዷል፣ ጥቋቁር ነጠብጣብም ጣል ጣል ብሎበታል። ተበላሸ ብዬ ልጥለው ስል ሲኞራዋ ከእጄ ቀሙኝ። ዱቄቱ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው ከአየር ጋ ሲገናኝ የሚያጠቁረው፣ ልክ የተቆረጠ ፖም እንደሚጠቁረው ማለት ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ሽታው ካልተለወጠ ይበላል፣ ግን ያ ሁሉ አስኳል የሰጠው ቀለም ሄዷል። እሳቸው የተረፈውን በዛው ቀን ከትፈው ወይ ያደርቁታል ወይ ፍሪዘር ያስገቡታል፣ ሊጡን እንደ ሊጥ አያሳድሩም።

ነጩስ? ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ የሚያሳስበኝ እሱ ነበር፣ የ40 እንቁላል ነጭ አንድ ትልቅ ሳህን ይሞላል። ስወጣ ገባኝ፣ እነዛ አካባቢዎች ከማርና ሃዘልነት ከሚባል ፍሬ ጋ ቶሮኔ የሚባል ጣፋጭ ይሰራሉ፣ እሱ ነጭ ይፈልጋል፣ የቀረውን ደሞ ከስኳር ጋ መትተው ሜሪንግ አርገው ጋግረውታል። ለባቡሩ በወረቀት ጠቅልለው አንድ ከረጢት ሰጡኝ፣ ቶሪኖ ሳልደርስ ግማሹ አልቋል፣ ግማሹ ደሞ ጃኬቴ ላይ ተፈርፍሯል።