የበሬ የጎን ፎቶ ሲላክ፦ ከሆዱ በፊት ወገቡን

ኮምቦልቻ ላይ ለማድለብ በሬ የምትገዙ፣ ደላላ በቴሌግራም የሚልከውን የጎን ፎቶ ስትከፍቱ መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ሆዱ ነው። ሆድ ግን ስለ ሥጋ አይናገርም። ጨው ልሶ የተጠማ ትልቅ በሬ በአንድ ጊዜ 30 ሊትር ውሃ ሊጠጣ ይችላል፤ ያ በሚዛን 30 ኪሎ ነው።

ይህን የምታጋልጠው በግራ ጎን ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ፣ ከዳሌው ፊት ያለችው ስርጉድ ናት። ጨጓራው በግራ በኩል ስለሚተኛ፣ በሬው ሲጠግብ ትሞላለች፣ ሲራብ ትጎደጉዳለች። የምትነግረን ግን የዛሬን ብቻ ነው። የወራቱን የሚናገሩት ወገቡ፣ ጎድኑና ዳሌው ናቸው።

ሰሞኑን ከሐርቡ የተላከ የአንድ ቀይ በሬ ፎቶ ለማሳያ ይሁን። ሆዱ ክብ ነው፣ ስርጉዷም ሞልታለች። ወገቡ ላይ ግን አከርካሪው እንደ መጋዝ ጥርስ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ጎድኖቹ ጥላ ጥለዋል፤ ከዳሌ አጥንቱ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ገብቷል። ለሻኛ ከብት በሚሠራበት፣ 1 በጣም የከሳ፣ 9 በጣም የወፈረ በሆነበት የ9 ደረጃ መለኪያ 3 ገደማ ነው። ደላላው ግን «የጠገበ» ብሎ የመካከለኛ በሬ ዋጋ ጠይቆበታል።

ለማድለብ ክሳቱ ራሱ ጉድለት አይደለም። ደረቱ ጥልቅ፣ ቁመናው ረጅም፣ አጥንቱ ወፍራም ከሆነ ሥጋ የሚይዝበት ቦታ አለው፤ በከሳ ዋጋ ከተገዛ እንዲያውም የተሻለ ነው። መጠየቅ ያለበት ለምን ከሳ የሚለው ነው። በመኖ እጥረት የከሳ በሬ ጭንቅላቱን ቀና ያደርጋል፣ ዓይኑም ንቁ ነው። ጠጉሩ የቆመና የደበዘዘ፣ ጀርባው የጎበጠ፣ ከመንጋጋው ሥር ያበጠ ከሆነ ግን የጉበት ትል ወይም ሌላ የውስጥ ጥገኛ ሊኖርበት ይችላል። ረግረግ ላይ የዋለ ከብት፣ በተለይ ከጨፋ በኩል የመጣ ከሆነ፣ መንጋጋው ሥር ፎቶውን አስፍታችሁ እዩ። እብጠት ካለ የእንስሳት ሐኪም ሳያየው ቀብድ አትስጡ።

ፎቶው ራሱም ያታልላል። ስልኩ ለግንባሩ ቀርቦ ከተነሳ ፊቱና ደረቱ ይገዝፋሉ፤ ከላይ ወደ ታች ከተነሳ እግሩ ያጥራል። ስለዚህ ከ4 እስከ 5 ሜትር ርቆ፣ ስልኩን በበሬው ደረት ከፍታ ይዞ፣ በሆዱ መካከል ትይዩ ቆሞ እንዲያነሳ ንገሩት። መሬቱ ሜዳ ይሁን፣ አራቱም ሰኮና ይታይ፤ ሣር የሸፈነው እግር እንዳልታየ ይቆጠራል። ጠዋት ውሃ ሳይጠጣ ቢነሳ ደግሞ ስርጉዷ እውነቱን ታወጣለች።

የዳሌው ስፋት በጎን ፎቶ አይታይም፣ ከኋላ የተነሳ አንድ ጨምሩ። የእግሩን ነገር የሚያሳየው ወደፊት አሥር እርምጃ ሲሄድ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው። ዕድሜውን ግን ጥርሱን ገልጦ ከማየት ሌላ የሚነግር የለም፤ ስለዚህ ዋጋ በፎቶ ይጀመራል እንጂ በፎቶ አይቆረጥም።