ለማን ነው የምታዘዘው?

ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በሚገኝ አንድ አስመጪ ድርጅት የሰው ኃይል ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ በሰኔ ቆጠራ 14 የፕሪንተር ቶነር ጎደለ። ለንብረት ሠራተኛዋ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንድሰጥ ታዘዝኩ። ደብዳቤውን ይዤ መጋዘን ስወርድ ከመሳቢያዋ የሥራ መዘርዝሯን አወጣችና፣ "ወንድሜ፣ እስቲ አንተው አንብበውና ለማን እንደምታዘዝ ንገረኝ" አለችኝ።

"ተቀጣሪዋ ለፋይናንስና ለአስተዳደር ኃላፊዎች ተጠሪ ሆና፣ በአካውንቲንግ ዲፕሎማና በመንጃ ፈቃድ ዕቃ ተረክባ ታሰራጫለች፤ ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችንም ትሠራለች" ይላል። ፋይናንሱ ያለ ወጪ ማዘዣ ምንም አትስጪ ብሏታል። አስተዳደሩ ደግሞ በስልክ "ስጪያቸው፣ ወረቀቱ ይደርሳል" ይላታል። ወረቀቱ አልደረሰም። መዘርዝሩን እንዳለ ገልብጬ የሰጠኋት እኔው ነበርኩና አፈርኩ። ደብዳቤውን መልሼ ይዤው ወጣሁ።

ማታ ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። የምትሠራውን በሰማያዊ፣ ስትቀጠር ይዛ መምጣት ያለባትን በቀይ፣ አለቃዋን በአረንጓዴ አሰመርኩ። ተግባሩን ስፈታው "ዕቃ ተረክባ ታሰራጫለች" የምትለው አንዷ ሐረግ አራት ሥራ ሆነች፤ ዕቃውን ከግዥ ሰነዱ ጋር አመሳክራ ትረከባለች፣ በተፈረመ ማዘዣ ብቻ ታወጣለች፣ የገባና የወጣውን በዕለቱ ቢን ካርድ ላይ ትመዘግባለች፣ በወሩ መጨረሻ ቆጥራ ሪፖርት ታቀርባለች።

መንጃ ፈቃዱ ላይ ግን ቆምኩ። ከአራቱ ተግባራት መኪና የሚያስነዳ የለም፤ ድርጅቱ ሾፌር አለው። ምናልባት ድሮ አንድ ሰው ሁለቱንም ይሠራ ኖሯል። ተግባር የሌለው መስፈርት ደህና አመልካች ከማስቀረት በቀር ምን ይሠራል? ሰረዝኩት። ዲፕሎማው ቆየ፤ ቆጠራውን ከሒሳብ ክፍሉ ስቶክ ካርድ ጋር ማስታረቅ አለባት።

ተጠሪነቱ ሁለት ስብሰባ ፈጀ። ሁለቱም ኃላፊዎች "የኔ ናት" አሉ። ፈቃድ የሚሰጣት፣ የሚገመግማትና የሚያዛት ማን ይሁን ብዬ ጠየቅኩ። አስተዳደሩ ሆነ፣ ብቻውን። ስቶክ ካርዱን የሚይዘው ፋይናንሱ በመሆኑ ዕቃ ያዢዋንም እሱ ካዘዛት ቁጥጥሩ ይላላል። ለእሱ የምትልከው ወርሃዊ ሪፖርት ተግባራት ሥር ገባ። ሪፖርት መላክና ተጠሪ መሆን ለየቅል ናቸው። "ተዛማጅ ሥራዎች" የሚለውን አላጠፋሁትም፤ "ከንብረት አያያዝ ጋር የተያያዙና ከቅርብ ኃላፊዋ በጽሑፍ የሚሰጡ" ብዬ አጠርኩት።

አንብባ ፈረመች፤ አንድ ቅጂ ከፋይሏ ገባ። በሳምንቱ አስተዳደሩ ጋ ተቀምጬ ሳለ ስልክ ደወለላት፤ ሁለት ቶነር ፈልጎ ነበር። ዝም ብሎ አዳመጠና ስልኩን ዘጋው። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ የማዘዣ ጥራዙን ይፈልግ ጀመር።